በቅናሽ ቀን ከመቶኛው በፊት ዕቃው ይጠራ

ብላክ ፍራይዴይን የመሰለ የአንድ ቀን ሽያጭ ሲደርስ የመደብሮች ድረ ገጾች ሁሉ አንድ መስመር ይዘው ይወጣሉ፦ «ታላቅ ቅናሽ! እስከ 70%! ዛሬ ብቻ!» በሌላ ጊዜ ይህ መስመር ለገዢው አዲስ ነገር ይነግረዋል፤ መደብሩ ከወትሮው የተለየ ዋጋ ማውጣቱን ያሳውቀዋልና። በዚያ ቀን ግን ገዢው አስቀድሞ በከፈታቸው ገጾች ሁሉ ያንኑ አንብቦ ስለመጣ፣ ቅናሽ መኖሩን ማወቁ አንዱን መደብር ከሌላው እንዲለይ አይረዳውም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀን የዋናው ርዕስ ሥራ ቅናሽ መኖሩን ማወጅ ሳይሆን የትኛው ዕቃ፣ በምን ያህል ቅናሽ፣ እስከ መቼ እንደሚሸጥ መናገር ነው ብዬ አምናለሁ። መቶኛው ይጻፍ፤ ነገር ግን ከዕቃው ስም በኋላ ይምጣ።

ብዙዎች ለዚህ ችግር የሚሰጡት መፍትሔ ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው፤ ቁጥሩ ይተልቃል፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ የቃለ አጋኖው ምልክት ይደራረባል። ይህ አካሄድ ግን ጽሑፉን ከማስነበብ ይልቅ ሊያስዘልለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ቤንዌይና ሌን፣ ሰዎች በአንድ ድረ ገጽ ላይ የተወሰነ መረጃ እንዲፈልጉ ባደረጉበት ጥናት፣ ወደ መረጃው የሚወስደው ማስፈንጠሪያ በትልቅና ደማቅ ባነር ላይ ሲቀመጥ ፈላጊዎቹ ብዙ ጊዜ ሳያዩት እንደሚያልፉ አሳይተዋል። ዓይን ማስታወቂያ የሚመስለውን ነገር መዝለል ከለመደ ማድመቁ ልማዱን ያጠናክረዋል እንጂ አይሰብረውም።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንመልከት። የሻንጣና የቦርሳ መደብር 400 ዓይነት ዕቃዎች አሉት እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 300ዎቹ የጉዞ ሻንጣዎች ሲሆኑ ሁሉም በ25% ቀንሰዋል፤ 94ቱ የእጅና የትከሻ ቦርሳዎች ከ10% እስከ 15% ቀንሰዋል፤ የቀሩት 6 ያለፈው ዓመት የጀርባ ቦርሳዎች ደግሞ በ70% ቅናሽ እንዲሸጡ ተወስኗል። መደብሩ በልማድ «እስከ 70% ቅናሽ» ብሎ ቢጽፍ ሐሰት ተናገረ አይባልም። ሆኖም ሻንጣ ፈልጎ የመጣው ሰው 70ን በአእምሮው ይዞ ገብቶ 25ን ያገኛል፤ በራሱ ጥሩ የነበረው ቅናሽ እንደ ጉድለት ይታየዋል። ርዕሱ ከ400 ዕቃዎች ስለ 6ቱ ብቻ እየተናገረ፣ መደብሩ በእርግጥ ሊያኮራው የሚችለውን የ300 ሻንጣዎች ቅናሽ ደብቆታል።

እኔ ብሆን የዋናውን ባነር ርዕስ «የጉዞ ሻንጣዎች በሙሉ በ25% ቅናሽ» ብዬ ከሥሩ «ዓርብ ብቻ፣ ሌሊት የሰዓት ቆጣሪው ዜሮ እስኪደርስ። ኮድ አያስፈልግም፤ ዋጋው ተቀንሶ ተጽፏል።» የሚል አነስ ያለ መስመር አስከትላለሁ። «በሙሉ» የሚለው ቃል አንባቢውን የእኔ ሻንጣ ይገባበት ይሆን ከሚል ጥርጣሬ ያወጣዋል፤ አንድ እንኳ ሳይቀነስ የቀረ ሻንጣ ካለ ግን ቃሉ መውጣት ወይም የቀረው ዕቃ እዚያው መጠቀስ አለበት። ቀኑን በስሙ መጥራትም ዋጋ አለው፤ «ዛሬ» የሚለው ቃል በማግስቱ ገጹን ለሚከፍት ሰው ውሸት ይሆናልና። የኮዱ ነገር የተጠቀሰው ደግሞ በእንዲህ ያሉ ቀናት ገዢው ቅናሹን ለማግኘት ሌላ ነገር መሥራት ይኖርበት እንደሆነ ስለሚጠይቅ ነው። 6ቱ የጀርባ ቦርሳዎች የራሳቸው ትንሽ ባነር ይገባቸዋል፦ «6 የጀርባ ቦርሳዎች በ70% ቅናሽ፤ ካለቁ አይተኩም»። ይህን የተጫነ ሰው 6ቱ ብቻ ወዳሉበት ገጽ ይግባ እንጂ 400 ዕቃ ውስጥ አይጣል። የቀሩት 94 ቦርሳዎች በባነር ላይ መውጣት የለባቸውም፤ ቅናሻቸው በየዕቃው አጠገብ ቢጻፍ ይበቃል።

በእርግጥ «እስከ 70%» ብሎ የሚጮኸው ባነር ብዙ ጠቅታ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መመዘን ያለበት ጠቅታው ብቻ አይደለም። ባነሩን ከተጫኑት ሰዎች መካከል ዕቃ ወደ ቅርጫት ያስገቡት ስንት ናቸው? ጠቅታው በዝቶ ቅርጫቱ ባዶ ከሆነ፣ ሰዎችም ገብተው ወዲያው ከወጡ፣ ርዕሱ ገጹ ከያዘው በላይ ቃል እንደገባ መጠርጠር ይገባል።

ሌላው ሊጣራ የሚገባው ጉዳይ መቶኛው የተሰላው ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው የሚለው ነው። አንድ ሻንጣ ለወራት በ100 ሲሸጥ ቆይቶ ከሽያጩ ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ወደ 120 ከፍ ቢልና በዕለቱ በ90 ቢቀርብ፣ ባነሩ 25% ይላል፤ ገዢው ግን ከለመደው ዋጋ የተቀነሰለት 10% ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ በመርህ ደረጃ የቀድሞው ዋጋ ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ የታየው ዝቅተኛ ዋጋ እንዲሆን ያዛል፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በመስከረም 2024 መቶኛው ራሱ በዚያው ዋጋ ላይ መሰላት እንዳለበት ወስኗል። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት አገር የሚሠራ መደብርም ይህንኑ ስሌት ቢከተል፣ የሻንጣውን ዋጋ ሲከታተል የቆየ ገዢ ርዕሱን የሚጠራጠርበት ምክንያት አይኖረውም።

ስለ ሰዓት ቆጣሪውም አንድ ነገር ልበል። ቆጣሪ ገዢው በየትኛውም የሰዓት ክልል ቢሆን የቀረውን ጊዜ በቀጥታ ስለሚያሳየው ይጠቅማል። ገጹ በታደሰ ቁጥር ከመጀመሪያው የሚነሳ ቆጣሪ ግን ማታለል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያም ገዢን ለማቻኮል ጊዜው በጣም አጭር ነው ብሎ በሐሰት መናገር የተከለከለ ነው።

ከቃላቱ እኩል የሚያሳስበኝ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ብዙ ባነሮች የሚሠሩት በሰፊ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ጽሑፉም ከሥዕሉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። 1200 ፒክስል ስፋት ያለው ባነር 360 ፒክስል ስፋት ባለው የስልክ ገጽ ላይ ሲታይ ከመጀመሪያው መጠኑ 30% ብቻ ይሆናል፤ በ40 ፒክስል የተጻፈው ርዕስ 12 ይሆናል፣ ከሥሩ በ20 የተጻፈው ቅድመ ሁኔታ ደግሞ 6 ይሆንና ፈጽሞ አይነበብም። ስለዚህ ሥዕሉ ሥዕል ይሁን፣ ጽሑፉም በላዩ ላይ ለብቻው የሚጻፍ እውነተኛ ጽሑፍ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ለማየት የተቸገሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራም ያነበዋል፤ ዕቃ ሲያልቅም ንድፍ ሠሪ ሳይጠራ በደቂቃ ውስጥ ይለወጣል።

ገጹ ከመከፈቱ በፊት ባነሩን ስለ ሽያጩ ምንም ለማያውቅ ሰው በስልክ ለ5 ሰከንድ አሳይቶ መደበቅና ምን እንደሚሸጥ፣ በምን ያህል ቅናሽ እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ መጠየቅ ቀላሉ ፈተና ነው። «ቅናሽ አለ» ብቻ ብሎ የሚመልስ ሰው ካጋጠመ ርዕሱ ገና አላለቀም። ሽያጩ የአንድ ቀን ስለሆነ ርዕሱን በዕለቱ እያወዳደሩ ለማሻሻል፣ በተለይ ለአነስተኛ መደብር፣ በቂ ጎብኚ አይገኝም፤ ፈተናው ቀደም ብሎ ይለቅ። ከዚሁ ጋር ሁለት ተለዋጭ ጽሑፎች አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው፦ አንዱ 6ቱ ቦርሳዎች ሲያልቁ የሚተካ፣ ሌላው ደግሞ ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ «የሻንጣ ቅናሹ ዓርብ ሌሊት አብቅቷል፤ አሁን የሚያዩት መደበኛ ዋጋ ነው» የሚል፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ክፍያ ላይ ደርሶ እንዳይደናገር።