አራት ምዕራፍ ለአራት ሰው

ክርክሩን ያስነሣው የእቅዱ ማማር ነው። አራት ተማሪዎች ለአንድ ኮርስ የቡድን ሥራ ተሰጥቷቸዋል፤ ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍትን እንዴት እንደሚጠቀሙ በመጠይቅ አጥንተው በ4 ሳምንት ውስጥ ማስረከብና በክፍል ማቅረብ። አንደኛው እቅዱን በአንድ ገጽ ሠርቶ መጣ። መግቢያው የእርሱ፣ የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት የአንደኛዋ ልጅ፣ መረጃና ትንተና የጓደኛው፣ ማጠቃለያና ገለጻ የሌላዋ ልጅ። ለእያንዳንዱ 6 ገጽ።

«አራት ምዕራፍ፣ አራት ሰው። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ክፍፍል ካለ አሳዩኝ» አለ።

መረጃው የደረሰው ልጅ ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ «መግቢያ ለመጻፍ ስንት ሰዓት ይበቃሃል?» ሲል ጠየቀው።

«አምስት፣ ቢበዛ ስድስት።»

«እኔ መጠይቅ አዘጋጅቼ፣ ለ60 ሰው አድዬ፣ መልሼ ሰብስቤ፣ መልሱን ወደ ኤክሴል አስገብቼ ነው ገና ትንተና የምጀምረው። 20 ጥያቄ ቢኖረው 1,200 መልስ በጣቴ ልጽፍ ነው። ገጹ እኩል ቢሆን ምን ይጠቅመኛል?»

ማጠቃለያው የተሰጣት ልጅ ቅሬታዋ ሌላ ነበር። ሥራው ይቀለኛል ብላ አልተደሰተችም። «ትንተናው ሳያልቅ እኔ አንድ መስመር መጻፍ አልችልም። ሦስት ሳምንት እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ እርሱ ሁለት ቀን ከዘገየ የሚጠፋው የእኔ ሁለት ቀን ነው። በመጨረሻ አዘገየች የምባለው ግን እኔ ነኝ።»

ይህ ንግግሯ ነገሩን አጠራው። መግቢያው ቢዘገይ የሚጠብቀው ሰው የለም፤ መጠይቁ ቢዘገይ ግን ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ይቆማል።

«እንግዲያው ሁሉንም አብረን እንሥራ» አለች ቅኝቱ የደረሳት። «ምዕራፍ ከተከፋፈልን በገለጻው ቀን መምህሩ ስለ ትንተናው ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ?» ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ መፍትሔዋ ግን አይሠራም። አራት ሰው አንድ አንቀጽ ልጻፍ ሲል አንዱ ይጽፋል፣ ሦስቱ ያያሉ።

እቅድ አውጪው በቀላሉ አልተረታም። «በሰዓት እንቁጠር ካላችሁ ቀርፋፋው ይጠቀማል። እኔ በአምስት ሰዓት የምጨርሰውን ሌላው በአሥር ቢጨርስ ብዙ ሠራ ልንለው ነው?» አለ። ከተነሡት ተቃውሞዎች ጠንካራው ይህ ነበር። መልሱ ግን አለ፤ ሰዓቱ የሚገመተው ለሥራው ነው፣ ለሰው አይደለም፤ የሚገመተውም አራቱ አብረው ተቀምጠው፣ ማን ምን እንደሚወስድ ሳይታወቅ ነው።

ፍረድ ብለውኝ ስለነበር አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ አራቱን ፋይሎች የሚያዋሕደው ማን ነው? እቅዱ ላይ አልነበረም። ብዙውን ጊዜም አይኖርም። በመጨረሻው ሌሊት አንዱ ምዕራፍ «መላሾች» ያለውን ሌላው «ተሳታፊዎች» ሲል፣ ዋቢዎቹ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሲመጡ፣ ስለ ዘዴው የሚናገረው ክፍል 60 ሰው ብሎ ሰንጠረዡ 57 ሲያሳይ ያኔ ይታያል። እርሱን ማቃናት ብቻውን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ፍርዴ እንዲህ ነበር። መጠይቁን በመጀመሪያው ሳምንት አራቱም በአንድ ቁጭታ ያዘጋጁት፤ በገለጻው ቀን ሁሉም መመለስ የሚችለው ያኔ ነው። ቅኝቱን ሁለቱ ሴት ልጆች ይካፈሉት። በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዱ 15 መጠይቅ ያድል፣ የራሱንም ያስገባ። ከዚያ በፊት ግን ለየመልሱ የሚሰጡት የመለያ ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ አለዚያ አንዱ «ሴት»፣ ሌላው «2»፣ ሦስተኛው «ሴ» ብሎ ያስገባና ኤክሴል ሦስት ጾታ ይቆጥራል። በ14ኛው ቀን 52 ብቻ ቢመለስም መሰብሰቡ ይዘጋ። በሦስተኛው ሳምንት ትንተናውን መረጃው የደረሰው ልጅ ማጠቃለያውን ከምትጽፈው ጋር አብሮ ይሥራ፤ ሰንጠረዡ ሲወጣ እያየች ስለምትጽፍ መጠበቋ ይቀራል። ረቂቁ ሁሉ በ21ኛው ቀን ይግባ። የመጨረሻው ሳምንት ለማዋሐድና ለገለጻ ይቅር፣ ሁለት ቀንም ትርፍ ይያዝ።

«ቃሉን ያላከበረ ቢኖርስ?» አለች አንደኛዋ። በ18ኛው ቀን ሁሉም ግማሹን ያሳይ፤ ምንም የሌለው ካለ ለመምህሩ ያኔውኑ ይነገረው አልኩ። ጓደኛን ማሳጣት ነው ብለው ሁለቱ አኮረፉ። እኔ ግን አልቀየርኩም፤ በ18ኛው ቀን የተነገረው መምህር ሥራውን ማሸጋሸግ ይችላል፣ በማስረከቢያው ቀን የተነገረው ግን ስሞታ ከመስማት በቀር የሚያደርገው የለም።

ማዋሐዱን ለእቅድ አውጪው ሰጠሁት፤ መግቢያው ቀላል ነው፣ ንጹሕ ገጽም ይወዳል። ተቀበለ። ስምንት ሰዓት ተብሎ እንዲመዘገብለት ግን ጠየቀ፤ ተመዘገበለት።