ሱቁ ያለው እህቴ ጭንቅላት ውስጥ ነው

«አዲስ ልጅ ቀጥሬያለሁ። እኔ በሌለሁበት ቀን ሱቁን ልክ እኔ እንደማደርገው ከፍታ እንድትዘጋ ምን ብዬ ልጻፍላት?»

የጠየቀችኝ አዲስ አበባ ሚኒ ማርኬት ያላት እህቴ ናት።

ቨርጂኒያ እንደመጣሁ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ የመዝጊያ ሥራዎች የተዘረዘሩበት ወረቀት ተለጥፏል፤ አንዱ ሲያልቅ ራይት ማድረግ ነው። እኛ ግን ልንወጣ ስንል ቁጭ ብለን፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ከላይ እስከ ታች ራይት በራይት እናደርገዋለን። አንድ ሌሊት የወተቱ ፍሪጅ ተበላሽቶ አደረ፤ ወረቀቱ ግን «ፍሪጅ ታይቷል» ይላል። ኃላፊያችን አልተቆጣም። ያችን መስመር ሰርዞ «የፍሪጁ ዲግሪ ስንት ነው?» ብሎ ባዶ ቦታ ተወባት። ቁጥር ለመጻፍ ሄዶ ማየት ግድ ነው። ፈልስፎ የሚጽፍም አይጠፋም፤ ግን ወሩን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሆን ያስታውቃል።

እህቴ ዘንድ ደግሞ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። «አንዴ አሳያታለሁ፣ ታያለች» ነው ነገሩ። ስታሳይ ግን እጇ የለመደውን ሁሉ አትናገርም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አትጻፊ አልኳት፤ ነገ ጠዋት ስትከፍቺ ስልክሽን ደረት ኪስሽ ውስጥ አድርገሽ እጅሽ የሚሠራውን እየተናገርሽ ቅጂው፣ ማታ አዳምጠሽ በእግርሽ ቅደም ተከተል አስፍሪው። ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ሲዘጋ ደግሞ ከውስጥ ወደ በሩ።

ስታዳምጠው ራሷም ገረማት። መብራት ሳታበራ መጀመሪያ ዲፕ ፍሪዘሩን ከፍታ አንድ ሲኒ ታያለች። ሲኒው ውስጥ ውኃ በረዶ ሆኗል፣ በረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ተቀምጧል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከቆየ በረዶው ቀልጦ ሳንቲሙ ይሰምጣል፤ መብራት ተመልሶ ዳግም ቢረጋም ሳንቲሙ ከታች ነው። ይህን ለልጅቷ ነግራት አታውቅም! አሁን ወረቀቱ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሳንቲሙ ከላይ ነው ወይስ ከታች? ከታች ከሆነ ሥጋና ዶሮ አትሽጪ፣ ደውይልኝ።» የወተቱ ፍሪጅ ግን ቁጥር አለው፤ ከ5 ዲግሪ ካለፈ እንደዚሁ ስልክ ነው።

ዋናው ጣጣ መዝጊያው ላይ ያለው ብር ነው። እህቴ መጀመሪያ የማሽኑን ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የቀኑን ጠቅላላ ሽያጭ የሚያሳየውን ወረቀት ታወጣለች፣ ከዚያ መሳቢያውን ትቆጥራለች። እኛ ዘንድ ግን ቆጣሪው ሽያጩን ሳያይ ነው የሚቆጥረው። ምክንያቱም መድረስ ያለበትን ቁጥር አስቀድሞ ያየ ሰው ሳያስበውም እስኪገጥም ድረስ ይቆጥራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፦ በሩን ቆልፊ፣ ብሩን ቆጥረሽ ጻፊ፣ ከዚያ ዜድ አውጪ። በሩ መቅደም አለበት፤ ዜድ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ደንበኛ ሽያጩ የነገ ይሆናልና።

ልጅቷ የመጀመሪያውን ማታ ስትዘጋ የቆጠረችው 10,840 ብር ሆነ። ዜዱ ደግሞ 18,640 ይላል። የ7,800 ብር ጉድለት! እህቴ ሌሊቱን ደወለችልኝ። «ስልኩን ቁጠሪው» አልኳት። በቴሌብርና በባንክ የገባው 7,900 ነው፤ ይህ መሳቢያ ውስጥ አይገባም። ለዳቦ አምጪው ከመሳቢያ 1,200 ተከፍሏል። ጠዋት ለመልስ የተቀመጠው ዝርዝር ደግሞ 1,500 ነበር። 18,640 ላይ 1,500 ደምረን 7,900 እና 1,200 ስንቀንስ መሳቢያው ውስጥ መኖር ያለበት 11,040 ነው። ጉድለቱ 200 ብር ብቻ ሆነ። በማግስቱ ተገኘ፤ ዳቦ አምጪው የወሰደው 1,400 ነበር፣ ሳይጻፍ ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ከእህቴ ጋር ተጨቃጨቅን። «የጎደለውን ከደሞዟ ትከፍላለች» ብላ ልትጽፍ ነበር። እንዲህ ከጻፍሽ ጉድለት ዳግመኛ አታይም አልኳት። ልጅቷ በሚተርፍበት ቀን ትርፉን ለይታ እያስቀመጠች በሚጎድልበት ቀን ትሞላዋለች፣ አንቺም ዳቦ አምጪው 200 ብር እንደወሰደ ሳታውቂ ትኖሪያለሽ። አሁን ወረቀቱ የሚለው «የተረፈውንም የጎደለውንም እንዳለ ጻፊ» ነው። ከመሳቢያ ለሚወጣ ክፍያም ደረሰኙ ወይም የተቀባዩ ፊርማ እዚያው መሳቢያው ውስጥ ይገባል።

ወረቀቱ ሲያልቅ እህቴ አንድ ጠዋት ከውጭ ቆማ አፏን ዘግታ እንድትመለከት ነገርኳት። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ መጣች፣ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች፣ እጇ ላይ ያሉትን አምስት ቁልፎች አየችና ቆመች። ወረቀቱ «በሩን ክፈቺ» ይላል እንጂ የላይኛው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ አይልም። እህቴ አልቻለችም፣ «ያቺ ነጣ ያለችው!» ብላ ጮኸች። አሁን ቁልፉ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።