የማርች 8 መልዕክትና የቁጠባ ማኅበሩ ደብተር

የካቲት 29 በደረሰ ቁጥር የሴቶች የቁጠባና ብድር ማኅበራት የአባሎቻቸውን ስኬት ያበስራሉ። አንዷ ዶሮ ማርባት ጀመረች፣ ሌላዋ የእንጀራ ሽያጯን አሰፋች፣ ሦስተኛዋ ልጇን አስመረቀች ይባላል። ደስታው ተገቢ ነው። ማኅበሩ ራሱ የሠራው ሥራ ግን በደብተሩ እንጂ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አይታይም ባይ ነኝ።

አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር፣ በማራዲ አካባቢ ኬር በተባለው ድርጅት ተጀምሮ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የተዛመተ ነው። ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ አባላት በየሳምንቱ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ከአንድ እስከ አምስት ሼር ይገዛሉ፤ ገንዘቡ ሦስት ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጣል፤ ሦስቱን ቁልፎችም ሦስት የተለያዩ አባላት ይይዟቸዋል እንጂ የሳጥኑ ያዥ አትነካቸውም። በዕቁብ አባል የሚደርሰው ያዋጣውን ያህል ነው። እዚህ ግን የተጠራቀመው ለአባላት በወለድ በብድር ይሰጥና ዓመቱ ሲዘጋ ዋናውም ትርፉም እንደየሼሩ ይከፋፈላል።

ለምሳሌ 20 አባላት ያሉት፣ የአንድ ሼር ዋጋ 50 ብር የሆነ ማኅበር እናስብ። በ48 ሳምንታት 2,880 ሼሮች ከተሸጡ ቁጠባው 144,000 ብር ይሆናል። ከወለድና ከቅጣት 28,800 ብር ቢገኝ እያንዳንዱ ሼር 10 ብር ያተርፋል፤ በሳምንት ሁለት ሼር ስትገዛ የከረመች ሴት 4,800 ብር አስቀምጣ 5,760 ብር ትወስዳለች። ይህ ትርፍ ከውጭ የመጣ ሳይሆን አባላቱ ራሳቸው የከፈሉት ወለድና ቅጣት ነው። ስለዚህ ከክፍፍሉ በፊት አንድ ትልቅ ብድር ሳይመለስ ቢቀር በወረቀት ላይ ያለው ትርፍ ሳጥኑ ውስጥ አይገኝም፤ ጥንቁቅ ማኅበራት ዓመቱ ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት አዲስ ብድር የሚያቆሙትም ለዚሁ ነው።

በበዓሉ መልዕክት ፈጽሞ የማይነሳው ጉዳይ ደግሞ በሴቲቱ ስም ወጥቶ ባል የተጠቀመበት ብድር ነው። በሪፖርቱ ላይ እርሷ ነጋዴ ሆና ትቆጠራለች፤ ዕዳውን የምትከፍለው ግን ከቤት አስቤዛ ቀንሳ ነው። ይህን ልብ ብሎ ለሚያይ ምልክት አለው፦ የብድሩን ዓላማ ስትጠየቅ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ማስረዳት ይቸግራታል፣ ሦስት ሼር ትገዛ የነበረችው ወደ አንድ ትወርዳለች፣ የመክፈያ ቀኑ ሲደርስም ከሌላ አባል ተበድራ ትመጣለች። (ባልና ሚስት ተስማምተው አብረው የሚሠሩበት ብድር እንዳለ አልዘነጋሁም፤ እዚያ ግን ሴቲቱ ሒሳቡን ታውቀዋለች።)

ለዚህ ብድር ኮሚቴው ከባድ ቅጣት መጣሉ ሴቲቱን ይበልጥ ያስጨንቃል እንጂ ባልን አይነካውም። የሚበጀው ብድሩ ከመፈቀዱ በፊት ምን እንደሚገዛበት፣ ማን እንደሚሸጠውና ገቢው በማን እጅ እንደሚገባ በስብሰባው ፊት ማስረዳት ነው። የዘንድሮው መልዕክትም ስንት ብር እንደተቆጠበ ከመጥቀስ ባሻገር ከተሰጡት ብድሮች ስንቱ በወቅቱ እንደተመለሱና በስንቱ ላይ ተበዳሪዋ ራሷ እንደወሰነች ቢጨምር፣ በቀጣዩ ዓመት ልትቀላቀል ያሰበች ሴት የምትገባበትን ታውቃለች።