ጉዳዩ፡- ሜካፕ ፈተና ስለመጠየቅ

ጅማ ውስጥ ከግቢ በር ፊት ለፊት ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው የማያነበው ማመልከቻ የለም። የሰው ወረቀት ማንበብ ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ዓይን ምን ይሥራ? በፈተና ሰሞን፣ ያመለጠውን ፈተና በሌላ ቀን ለመውሰድ ሜካፕ የሚጠይቅ ተማሪ ሕመም ሁሉ በእጄ ያልፋል። ወባው፣ ታይፎይዱ፣ ጨጓራው። ይህን ያህል በሽተኛ በቀን የሚያይ ሐኪም ከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

አሁን አሁን ወረቀቱን አይቼ የእውነት የታመመውን መለየት ጀምሬያለሁ። ሳይታመም የታመመው ሰው ወረቀት በፕላስቲክ ማኅደር ነው የሚመጣው። ማኅተሙ ደማቅ ነው። ቲተሩ ሁለት ቦታ ተመቷል። የእውነት የታመመው ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ፣ አንድ ጥጉ የራሰ፣ ሽሮ ይሁን አዮዲን የማይታወቅ ነገር የነካው ወረቀት ከኋላ ኪሱ ያወጣል። ማኅተሙም ፊርማውን ስቶ ዳር ላይ ነው ያረፈው። ችግሩ፣ መምህራኑ የሚያምኑት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነው።

የትርፍ አንጀቱን ልጅ ላውጋችሁ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ መጣ። ወገቡን ጎበጥ አድርጎ፣ ቀኝ ጎኑን በእጁ ይዞ ነበር የሚራመደው። የሚጽፍለት ሰው ፈልጎ ነው። «ጋሼ፣ ሜካፕ የሚጠይቅ ማመልከቻ አለህ?» አለኝ። አለኝ። የማመልከቻው ራስና እግር ኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው» ይላል ራሱ፤ «እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል እግሩ። ሆዱን ብቻ ነው ባለጉዳዩ የሚሞላው።

የዚህ ልጅ ሆድ ግን ሞልቶ ነበር የመጣው። ሕመሙ ከእምብርቱ ዙሪያ እንደጀመረው፣ የዶርም ጓደኞቹ ጨጓራ ነው ብለው ዝንጅብል እንዳፈሉለት፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጎኑ ወደ ታች ወርዶ እግሩን መዘርጋት እንዳቃተው፣ ማታውኑ ተሸክመውት እንደሄዱ፣ ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት። ጓደኞቹ አቮካዶ ይዘው ሲጠይቁት እሱ ገና ውሃ እንኳ ስላልተፈቀደለት ራስጌው ተቀምጠው እንደበሉትም ሳይቀር። ሁሉንም በማመልከቻው ላይ እንድጽፈው ይፈልጋል። አቮካዶውን ጭምር።

«ይህን መምህሩ አያነበውም» አልኩት።

«እንዴት አያነበውም? ልሞት ነበር እኮ!»

ተማሪ የማይገባው ይህ ነው። መምህሩ የሚያየው የሕመሙን ክብደት አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ፈተናው በተሰጠበት ሰዓት ይህ ልጅ የት ነበር? ወረቀቱ ለዚህ ከመለሰ ጉንፋንም ይበቃል። ካልመለሰ ልብ ቢቀየርም አይበቃም።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። «ከ30/05/2017 ጀምሮ ለ7 ቀን እረፍት ያስፈልገዋል» ይላል። ፈተናው መቼ እንደነበር ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ የፈተናውን ፕሮግራም አሳየኝ። 05/02/2025 ይላል።

ለልጁ ወንበር ሰጠሁት፤ የሚቆም ጉዳይ አልነበረም። ፕሮግራሙ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፌብሯሪ 5 ማለት በእኛ ጥር 28፣ ረቡዕ ነው። ልጁ ሆስፒታል የገባው ጥር 26 ማታ ነው፤ የወጣው ጥር 30። ፈተናው ሲሰጥ አልጋ ላይ ነበር፣ እውነቱ ይህ ነው። ወረቀቱ ግን እውነቱን አይናገርም። የእረፍት ወረቀት ሐኪሙ ከፈረመበት ቀን ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይቆጥርም። የሰጡት ሲወጣ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚለው፣ ልጁ ፈተናው ካለፈ በኋላ ለአንድ ሳምንት እንዲያርፍ ነው። ይህን ማንም ጤነኛ ተማሪ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ያደርገዋል።

የሚያስፈልገው ሌላ ወረቀት ነበር። ተኝቶ የታከመ ሰው ሲወጣ የሚጻፍለት የመውጫ ማጠቃለያ አለ። የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የተደረገለት ሕክምና፣ የካርድ ቁጥር፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ ያለበት። ልጁ «እሱማ ክትትል ስመጣ ይዤ እንድመጣ የሰጡኝ ነው» ብሎ ከመድኃኒቱ ፌስታል ውስጥ ጨምሮታል። ዋናው ወረቀት ፌስታል ውስጥ፣ የማይረባው በእጁ። «ሂድና አምጣው» ብዬ ልልከው አሰብኩ። እሱ ግን መምህሩ ቢሮ ያለው ዛሬ ጠዋት ብቻ ነው አለና በእረፍት ወረቀቱ ብቻ ሄደ። አቮካዶውን ግን አስወጣሁት።

ከዚህ በኋላ ያለውን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

መምህሩ ውጭ ተምሮ የመጣ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ 30/05/2017ን ረዥም ሰዓት አየው። ሐኪሙ ዓ.ም. የምትለዋን አልጻፈም። መምህሩ በለመደው አነበበው።

«ሜይ 2017?» አለ። «ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው እኮ። ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበርክ?»

ልጁ ደንግጦ «አምስተኛ» አለ። በእውነቱ መልሱ ትክክል ነበር፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

አቆጣጠሩን ለማስረዳት ሲንተባተብ ግን መምህሩ ቀና አለና በድንገት ስሙን ጠየቀው። ስሙን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። መሳቢያውን ስቦ አንድ ሰነድ አወጣ። የፈተናው ዕለት የስም መቆጣጠሪያ ነው። በልጁ ስም ፊት ለፊት፣ ያማረ ፊርማ ተቀምጧል።

«ፈርመሃል» አለው። «ወረቀትህ የት ገባ?»

ይህን ስሰማ ማሽኑን አጠፋሁት። መብራት መቆጠብ ፈልጌ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍል ውስጥ መቆጣጠሪያ ሲዞር ለቀረ ጓደኛ መፈረም በግቢ ደንብ ባይጻፍም የጸና ባህል ነው። ይህ ልጅ ጠዋት ጠዋት የሚፈርምለት ታማኝ ጓደኛ አለው። ያ ጓደኛ በፈተናው ዕለትም ወረቀቱ ሲደርሰው እጁ ከልማድ ራሱ ፈረመ። ለራሱ አንድ፣ ለታመመው አንድ። ምንም ሳያስብ። ፈታኙም አልቆጠረ።

መምህሩ ግን ቤቱ ሄዶ ቆጠረ። ፊርማው ከመልስ ወረቀቱ በአንድ ይበልጣል። ለመምህር ከዚህ የከፋ ሒሳብ የለም። የተማሪ ፈተና ጠፋ ማለት ተጠያቂው እሱ ነው። የመኪናውን ወንበር ሥር ፈተሸ። የልጆቹን ደብተር ፈተሸ። ሚስቱን ጠረጠረ። አሁን ያ የጠፋው ወረቀት ባለቤት በሩን አንኳኩቶ ሆዱን ይዞ መጥቶ «አልተፈተንኩም» ይለዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። የመጣው ተማሪው ሊለምን ነበር። መምህሩ ግን ከእሱ ብሶ «በእርግጥ አልተፈተንክም? ማረጋገጥ ትችላለህ?» እያለ ይለምን ጀመር። ልጁ ግን ተጨነቀ። አልነበርኩም ካለ ጓደኛውን ያስይዛል። ነበርኩ ካለ የመምህሩን ሚስት ያስከስሳል።

ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። ከዶርም ፌስታሉን አስመጣን። የመውጫ ማጠቃለያው ከሽሮፕ ጠርሙስ ጋር ተጣብቆ ወጣ። ኮፒ አደረግኩለት። ኮፒው ላይ ሳይሆን ማመልከቻው ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩ፦ «ከጥር 26 እስከ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. (ከፌብሯሪ 3 እስከ 7 ቀን 2025) ሆስፒታል ተኝቼ በመታከም ላይ ስለነበርኩ፣ ጥር 28 (ፌብሯሪ 5) የተሰጠውን ፈተና መውሰድ አልቻልኩም»። ሐኪሙ የጻፈው ላይ ዓ.ም. ልጨምርበት ሲለኝ እጁን ያዝኩት። በሐኪም ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ መጨመር፣ እውነተኛውን ወረቀት ፎርጂድ ማድረግ ነው። ከዚያ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ልኬ አስመሰከርኩት፤ ከግቢ ውጭ የታከሙበትን ወረቀት እነሱ አይተው ካልፈረሙበት ብዙ ትምህርት ክፍል አይቀበልም።

ማመልከቻው ለመምህሩ ሳይሆን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው የተጻፈው፣ ግልባጭ ለመምህሩ። ኩዊዝ ወይም ሚድ ቢሆን ከመምህሩ ጋር ብቻ ይጨርሰው ነበር። ፋይናል ግን ከመቶ ሃምሳ የሚይዝ ነው። መምህሩ ብቻውን «ና ቢሮዬ ተፈተን» ቢለው እንኳ ነገ ሌላ ተማሪ «ለእሱ ፈቅደህ ለእኔ» ይለዋል። እስኪወሰን ድረስ ውጤቱ ላይ ኤንጂ፣ ማለትም ውጤት ገና የለውም የሚል ምልክት፣ ይገባለታል። ኤንጂ ደግሞ ዝም ካሉት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጊዜው ሲያልፍ ኤፍ ይሆናል። ብዙ ተማሪ «ተሽሎኝ አስረክባለሁ» እያለ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ሳይሽር ወረቀቱ መግባት አለበት። ራስህ መሄድ ካልቻልክ የክፍል ተወካዩ ይሂድ።

ማጠቃለያው ሲቀርብ መምህሩ ካየው ሰው ሁሉ የበለጠ ተደሰተ አሉ። «ተኝቶ ነበር! ተኝቶ ነበር!» እያለ ለኃላፊው አሳየ። በሰው ትርፍ አንጀት እንዲህ ደስ ያለው መምህር አላየሁም። ሜካፑ ተፈቀደ። ጥያቄዎቹ ግን አዲስ ነበሩ፤ ከበፊቱም ከበዱ። ተማሪ ሁሉ ይህን በቀል ነው ይላል። እኔ በመምህሩ እፈርዳለሁ፦ የድሮው ፈተና እስካሁን በየዶርሙ ተዳርሷል፣ እኔው ራሴ ኮፒ አድርጌዋለሁ።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት፣ ገና በሩን ሳልከፍት፣ አንድ ልጅ ደጃፌ ቆሞ አገኘሁት። ጤነኛ ነው። በጣም ጤነኛ። እጁ ላይ ምንም ወረቀት የለም።

«ጋሼ፣ የይቅርታ ማመልከቻ አለህ?»

«ለምኑ?»

«ለፊርማ።» አንገቱን ደፋ። «ጓደኛዬ ስለታመመብኝ ደንግጬ ነው ብለህ ብትጽፍልኝ?»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ራሱና እግሩ ተዘጋጅቶ አለ። «መቼ ደነገጥክ?» አልኩት። «ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ንገረኝ።»