ሹራቤ ታጥቧል! በጊዜው አልደረቀም እንጂ!

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ካልተነፈስኩት ሌሊቱን ስገላበጥ ማደሬ ነው።

አለቃችን፣ ታውቋታላችሁ፣ ስብሰባ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ከታክሲ ወርጄ ካፊያ መትቶኝ ስለገባሁ ሹራቤ ትከሻው ላይ ረጠብ ብሏል። አፍንጫዋን ነፋች፣ ወዲያ ወዲህ አሸተተች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፦

«የኔ ቆንጆ፣ ሰፈራችሁ ውሃ ጠፋ እንዴ?»

«ኧረ አልጠፋም።»

«ታዲያ ሳሙና ነው የተወደደው? ንገሪኝ እንጂ፣ ምን ያሳፍራል!»

ብላ ቦርሳዋን ከፍታ ሽቶ አወጣች፤ በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ ፊቴ አስቀመጠችው። ያ የፋይናንሱ ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔም «ይቅርታ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ! ያን ሹራብ በእጄ ፈትጌ፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግሜ አለቅልቄ ያጠብኩት እኔ ነኝ። የሐምሌን ጨለማ ያመጣሁት ግን እኔ አይደለሁም።

እስቲ አንድ ጊዜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ታጥቦ የሚሸት ልብስ ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም የሚሸተው። በቀዝቃዛ ውሃ ስናጥብ የማይሞቱ ጥቃቅን ባክቴሪያዎች ጨርቁ ውስጥ ይቀራሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ዋናዋን ለይተዋታል፤ ሞራክሴላ ትባላለች። ልብሱ እርጥብ ሆኖ በቆየ ቁጥር ትራባለች፣ ያን የሻገተ እርጥብ ጨርቅ የሚመስል ጠረን ትለቃለች። ልብሱ ቶሎ ከደረቀ ለመራባት ጊዜ አታገኝም። ቀኑን ሙሉ እርጥብ ውሎ፣ ሌሊቱን እርጥብ አድሮ ከደረቀ ግን ደርቆም አትሞትም፤ ተደብቃ ትቀመጣለች። ጠዋት ስታሸቱት ምንም የለውም። ካፊያ ሲነካው ወይ ላብ ሲነካው ይነሳል። ስብሰባ ላይ! አለቃ አጠገብ! ማወቅ የፈለገ ካውያ ያስነካው፤ እንፋሎቱ ከሸተተ ልብሱ ገና አልዳነም።

እና ለምን ቶሎ አልደረቀም? የሕንፃችንን ኮሚቴ ጠይቁልኝ። በረንዳ ላይ ገመድ ተከለከለ፣ «የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል» ተባለ። ኮሪደሩም ተከለከለ። ጣሪያው ተቆልፎ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ ሁልጊዜ «አሁን ወጣ» ነው። ባለፈው ዓመት አንሶላዬን ከገመድ አውርደው ጭቃ ላይ የጣሉብኝ ሰውዬ ዛሬም ደረጃ ላይ «ደህና ነሽ ወይ ልጄ» ይሉኛል። ደህና ነኝ ጋሼ፣ አንሶላዬ ነው ያልዳነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ነው የምንሰጣው፣ ሁላችንም። ግን አሰጣጣችን! ጎረቤቴ አንድ ማስጫ ላይ የሳምንት ልብስ ትደራርባለች፣ መስኮቱን በመጋረጃ ትጠረቅማለች፣ «ዝናብ እየዘነበ ምን አየር አለ» ትለኛለች። አምስት ኪሎ ልብስ በማሽን በደንብ ተጨምቆ እንኳ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ በእጅ የተጨመቀ ከዚያም ይበልጣል። ያ ሁሉ ውሃ ወደ ክፍሉ አየር ነው የሚገባው። አየሩ ሲጠግብ መድረቅ ይቆማል፣ የተረፈው ቁም ሳጥን ጀርባ ያለውን ግድግዳ ያጠቁራል። የአዲስ አበባ ክረምት አየር ደግሞ እርጥብ ቢሆንም ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛው አየር ገብቶ ቤት ውስጥ ሲሞቅ ተጨማሪ ውሃ የመሸከም አቅም ያገኛል። ስለዚህ እየዘነበም ቢሆን መስኮቱ አራት ጣት ያህል ይከፈት፣ ትይዩው በርም ገርበብ ይበል። ገብቶ መውጫ የሌለው አየር ዋጋ የለውም።

ያንኑ ሹራብና አንድ ጂንስ ልውሰድ። ከመሰጣታቸው በፊት ወፍራም ደረቅ ፎጣ ላይ አንጥፌ፣ ከፎጣው ጋር ጠቅልዬ፣ ተንበርክኬ እጫነዋለሁ። ፎጣው ሲርስ ምን ያህል ውሃ ተርፎ እንደነበር ታያላችሁ። ጂንሱን ገልብጬ ኪሶቹን ወደ ውጭ አወጣለሁ፤ ወገቡን ከፍቼ በሁለት ዘንግ መካከል በመቆንጠጫ እይዘዋለሁ፣ ውስጡ አየር እንዲተላለፍበት። ሹራቡ ኮፍያ ስላለው ከግርጌው ነው የምሰቅለው፣ ኮፍያው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከጀርባው እንዲላቀቅ። ኮፍያው ጀርባው ላይ ከተኛ የመጨረሻው እርጥብ ቦታ እዚያ ነው፣ ሽታውም የሚጀምረው እዚያ ነው። በልብስና በልብስ መካከል አንድ መዳፍ ክፍተት ይኑር፤ ካልበቃ የግማሹ ልብስ እጥበት ለነገ ይደር። ማስጫው ከግድግዳ ራቅ ብሎ ክፍሉ መሀል ይቁም። ረጃጅሙን ዳርና ዳር፣ አጫጭሩን መሀል አድርጉት፣ ንፋሱ ከሥር ያልፋል።

ከዚያ ፋን። ማሞቂያ አላልኩም፣ ፋን! ዝቅ አድርጋችሁ ከልብሱ ሥር በጎን በኩል እንዲነፍስ አቁሙት፣ ወደ መስኮቱ የሚገፋ ይሁን። ትንሹ የጠረጴዛ ፋን ከአንድ የድሮ አምፖል የበለጠ መብራት አይበላም። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ልብሱን አዟዙሩት። መድረቁን በመዳፍ አትፈትኑ፤ መዳፍ ይዋሻል። የወገቡን ስፌትና የብብቱን መጋጠሚያ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፣ ቀዝቀዝ ካለ ውሃ አለው፣ ቁም ሳጥን አይገባም።

አሁን ደግሞ ከሰል የሚመክሩኝ አሉ። እህቴ ትናንት ደውላ «ምድጃ አቀጣጥለሽ በሩን ዝጊና ልብሱን ከላይ አድርጊበት» አለችኝ። በተዘጋ ክፍል! በየክረምቱ ሰው በከሰል ጭስ ታፍኖ እየሞተ! ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይቀሰቅሳችሁም። ቡታጋዝም ሲነድ ራሱ የውሃ እንፋሎት ይለቃል፣ ለልብሱም አይበጅ።

ማለስለሻ የሚሉኝም አሉ። ሽታውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የአለቃዬ ሽቶ ያው ነው። የሸተተ የጥጥ ልብስ ሙቀት ነው የሚፈልገው፣ 60 ዲግሪ ገደማ። ማሽን ከሌለ ሁለት እጅ የፈላ ውሃ በአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ቀላቅሎ፣ ሳሙና ጨምሮ አንድ ሰዓት መዘፍዘፍ ነው። ሱፍ ግን ይኮማተራል፣ አታድርጉት። በረኪና ለነጭ ብቻ፣ እሱንም ከኮምጣጤ ጋር እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ነው።

አሁን ሹራቡ ተዘፍዝፏል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። ከሄደ ፋኑም ሄደ። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ በኮሚቴ ቁልፍና በመብራት ምክንያት ነገ ደግሞ ረጠብ ያለ ልብስ ለብሼ ልገባ ነው። ከኮሚቴው ይሄን የሚያነብ ካለ፦ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ያለበት ጥግ አለ፣ ዝናብ አይገባበትም፣ ንፋስ አለው። ቁልፉን ስጡን። ገመዱን እኔ እገዛለሁ።