መንገድ መጠየቅ በጀርመንኛ፦ የሚከብደው መልሱን መያዝ ነው

ለትዳር ጓደኛ ቪዛ የጀርመንኛ ኤ1 ፈተና የሚያጠና ሰው መንገድ የመጠየቂያውን ምልልስ በቃሉ ይይዛል። ፍራንክፈርት ደርሶ ሲጠይቅም ጥያቄው አያቅተውም። የሚጠፋው ከመልሱ በኋላ ነው፤ የተለመደው ምልልስ ደግሞ መልሱ እንደተሰጠ በ«አመሰግናለሁ» ይዘጋል። ለጀማሪ የሚጠቅመው፣ አንድ መስመር የተጨመረበት ምልልስ ይህን ይመስላል፦

— ኤንትሹልዲጉንግ፣ ኬንተን ዚ ሚር ቢተ ሄልፈን? ቪ ኮመ ኢሽ ጹር አፖቴከ? (ይቅርታ፣ ሊረዱኝ ይችላሉ? ወደ መድኃኒት ቤት በየት ነው?)
— ጌን ዚ ገራደአውስ ቢስ ጹር አምፕል፣ ዳን ሊንክስ፣ ዳን ዲ ጽቫይተ ሽትራሰ ሬሽትስ። (እስከ ትራፊክ መብራቱ ቀጥ ብለው ይሂዱ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሁለተኛው መንገድ ላይ ወደ ቀኝ።)
— አልዞ፣ አን ዴር አምፕል ሊንክስ፣ ዳን ዲ ጽቫይተ ሬሽትስ? (እንግዲህ መብራቱ ጋ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሁለተኛው ላይ ወደ ቀኝ?)
— ገናው። (ልክ ነው።)
— ፊለን ዳንክ!

የተጨመረው ሦስተኛው መስመር ነው። አዲስ አበባ ላይ መንገድ የሚነገረን በየደረጃው ነው፦ «ወደ ላይ ውጣ፣ መስጊዱን እለፍ፣ እዚያ ስትደርስ ጠይቅ።» ቀጣዩን ባለሱቁ ይነግረናል፤ ሥራ የፈታ ሰው ካገኘንም ተነሥቶ ያደርሰናል። ጀርመን ውስጥ ግን መልሱ ከነግራ ቀኙ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ተናጋሪውም መንገዱን ይቀጥላል። መልሶ መናገር መልሱን ጭንቅላት ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ስህተት ካለም ሰውየው ሳይሄድ ያርመዋል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ደግሞ «ጽቫይተ» ነው፤ ሁለተኛ ማለት ሲሆን ጀማሪው «ጽቫይ» (ሁለት) ብሎ ሰምቶ ሁለት መንገድ አልፎ ሦስተኛው ላይ ይታጠፋል።

ከጥያቄው ውስጥ የሚያደናቅፈው «ጹር» ነው። መድኃኒት ቤት በጀርመንኛ በአንስታይ ፆታ ስለሚጠራ «ጹር አፖቴከ» ይባላል፤ ባቡር ጣቢያ ተባዕታይ ስለሆነ «ጹም ባንሆፍ» ነው። ከተማ ከሆነ ሁለቱም ቀርተው «ናኽ ፍራንክፈርት» ይሆናል። ስሙን ከነፆታው ካላጠኑት በየጊዜው መገመት ነው። በ«ጹር» ፈንታ «ጹም» ያለ ሰው ግን መልስ አያጣም፤ ስለዚህ በዚህ ምክንያት አፍ መያዝ አያስፈልግም። «ቪ ኮመ ኢሽ» የሚለው አነጋገር ሌላም ጥቅም አለው፤ በእግርም በተሽከርካሪም ይሠራል። «መሄድ» እኛ ዘንድ ሁሉንም ስለሚሸፍን ብዙዎች «ጌን»ን ለአውቶቡስም ይጠቀሙበታል፤ ጀርመኑ ግን በዚህ ቦታ «ጌን» ሲባል በእግር መሄድን ነው የሚረዳው።

ትሕትናን በተመለከተ የእኛ ሰው ግማሽ መንገድ ቀድሞ ነው የሚጀምረው፤ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ለይቶ ያደገ ሰው «ዱ»ን እና «ዚ»ን ለመለየት አይቸገርም። የሚቸገረው ለማን እንደሚባል ነው። እኛ በዕድሜ እንመዝናለን፤ ሃያ ዓመት የማይሞላውን ወጣት «አንተ» ማለት ነውር የለውም። ጀርመን ውስጥ ግን የማያውቁት አዋቂ ሰው፣ ከጠያቂው ቢያንስም፣ «ዚ» ነው የሚባለው። «ወንድሜ»ን፣ «እናቴ»ን ተርጉሞ መንገደኛን መጥራትም አይሠራም፤ «ኤንትሹልዲጉንግ» ይበቃል። ከጥያቄው በፊት ስለ ጤንነት መጠየቅ ደግሞ ጭራሽ ያርቃል፤ መንገደኛው ገንዘብ ሊለምነው ወይም ዕቃ ሊሸጥለት የመጣ መስሎት እርምጃውን ያፈጥናል።

በፈተናው የንግግር ክፍል መጨረሻ ላይ ሥዕል ያለበት ካርድ አንስቶ ልመና ማቅረብ አለ። እዚህም «ኬንተን ዚ» ያገለግላል። አማርኛ ውስጥ «ይስጡኝ» ትሕትናውን በራሱ ስለያዘ፣ ያንኑ በቀጥታ «ጌበን ዚ ሚር» የሚል ተማሪ ጨዋ የሆነ ይመስለዋል፤ «ቢተ» ካልታከለበት ግን ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል። የ«ኬ» ድምፅ በጽሑፍ በደንብ አይወጣም፦ ከንፈርን «ኦ» ለማለት አሞጥሙጦ «ኤ» ማለት ነው። «ኮንተን» ከተባለ ያለፈ ጊዜ ይሆንና «መርዳት ችለው ነበር?» እንደ ማለት ነው።

ለልምምድ ሁለት ሰው እና አንድ የሰፈር ካርታ ይበቃል። መላሹ መንገዱን በየዙሩ ይቀይር፣ በዝግታም አይናገር፤ ጠያቂው ካርታው ላይ በጣቱ ይከተል። ጣቱ የተሳሳተበት ቦታ ያልተሰማውን ቃል ያሳያል። አልፎ አልፎም መላሹ «ቱት ሚር ላይት፣ ኢሽ ቢን ኒሽት ፎን ሂር» (ይቅርታ፣ የዚህ ሰፈር ሰው አይደለሁም) ይበል። እዚያ ይህ መልስ በየጊዜው ይመጣል፤ ቁጣም ንቀትም የለበትም፤ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ሰው ማለፍ ነው።