የቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ የሠዓሊውን ፈቃድ አይተካም

«ሥዕሉ ጥንታዊ ነው፤ አስተዳደሩም ቅረጹ ብሎ ደብዳቤ ሰጥቶናል። ለስድስት ሰከንድ መሸፈኛ ብንጠቀምበት ማን ምን ይለናል?» ሲል ጠየቀኝ ዘጋቢ ፊልም የሚያቀናብር ወጣት ባልደረባዬ።

እኔም በዚሁ ሐሳብ ተሸውጄ አውቃለሁ። ቃለ መጠይቁን መሐል ላይ ስንቆርጠው የሰውየው ጭንቅላት ዘለለብንና ዝላዩን በግድግዳ ሥዕል ሸፈንነው፦ ካሜራው ከመልአኩ ክንፍ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ሰይፉ ይወርዳል። ፊልሙን የተረከበን ጣቢያ የሥዕሉን የመብት ሰነድ ሲጠይቀን ምስሉን አጉልተን አየነው። ከታች በስተቀኝ፣ ከመቅረዙ ጀርባ፣ ፊርማና ዓመተ ምሕረት አለ። ሥዕሉ ከተሣለ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሠዓሊውም በሕይወት አለ።

በቅዱሳት ሥዕላት ላይ ዓይን የሚታለለው ሠዓሊው የአባቶችን ሥርዓት ስለሚከተል ነው። የፊቱ አቀማመጥ፣ የልብሱ ቀለም፣ የእጁ ምልክት ከጥንት የወረደ ስለሆነ የማንም የግል ንብረት አይሆንም። የዚያ ሠዓሊ መስመር፣ የቀለም አጣጣልና የምስሎች አደራደር ግን የራሱ ሥራ ነው። የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቢያንስ የሠዓሊውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍሎ ያሣለው ቢሆንም፣ ገንዘቡ የገዛው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እንጂ የማባዛት መብቱን አይደለም፤ መብቱ በጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ሠዓሊው ጋ ይቀራል። አስተዳደሩ የሰጠን ደብዳቤ በሩን ከፈተልን። ከዚያ ያለፈ ነገር ሊሰጠን አይችልም ነበር፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሰከንዱ ማነሱም ብዙ አያድንም። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ፌዝ ሪንጎልድ የቤተ ክርስቲያን ሽርሽር የሚያሳይ ሥራ ነበራት። የዚህ ሥራ ፖስተር በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሆኖ በተሠራ ትዕይንት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዘጠኝ ጊዜ ታየ፤ ረጅሙ 4.16 ሰከንድ፣ ድምሩ 26.75 ሰከንድ ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 «ይህ ከቁጥር የማይገባ ነው» የሚለውን መከራከሪያ ሳይቀበል ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መለሰው። እዚያ ፖስተሩ የጀርባ ማስጌጫ ነበር። የእኛ መልአክ ግን ስክሪኑን ሞልቶታል።

ሥዕሉ እውነትም ጥንታዊ ከሆነስ? የሩሲያዊውን ሠዓሊ የአንድሬይ ሩብልዮቭን «ሥላሴ» እንውሰድ፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ የቅጂ መብት የለበትም። ጥያቄው የምንጠቀምበትን ፎቶ ማን አነሣው ወደሚል ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ጠፍጣፋ ሥዕልን እንዳለ የሚገለብጥ ፎቶ አዲስ ፈጠራ ስለሌለው አይጠበቅም አለ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 መመሪያው አንቀጽ 14 ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። ይህ የሚያገለግለው ለቀጥተኛ ግልባጭ ነው። ሥዕሉ ከመጋረጃው፣ ከጧፉ ብርሃንና ከጣሪያው ጋር ከተነሣ፣ ማዕዘኑንና ብርሃኑን የመረጠው ፎቶ አንሺው ነውና ፈቃዱን ከእሱ ጠይቁ።

ራሳችን ብንቀርጽስ? ሲገቡ የተቀበሉትን ደንብ ማንበብ ነው። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የአንድ ሙዚየም የፎቶ ክልከላ ጎብኚውን በውል ያስገድዳል ብሏል፤ ሥዕሎቹ የቅጂ መብታቸው ያለፈበት ቢሆኑም። «ለግል ማስታወሻ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ካለ፣ ለፊልም የሚሆን የተለየ ስምምነት በጽሑፍ ያስፈልጋል።

ሕንፃው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዘመናዊ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ግን አርክቴክቱ ማን ነው ማለት ግድ ነው። ፈረንሳይ ሮንሻን ያለውን የጸሎት ቤት የነደፈው ለ ኮርቡዚየ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ መብቱ እስከ 2035 መጨረሻ ይዘልቃል። የፈረንሳይ ሕግ በመንገድ ዳር ያለን ሕንፃ ለመቅረጽ የሚሰጠው ነፃነት ለግለሰቦችና ለንግድ ላልሆነ ጥቅም የተወሰነ ነው።

ወደ መልአኩ ልመለስ። ሠዓሊውን በአስተዳደሩ በኩል አገኘነው። አንድ ገጽ ፈቃድ አዘጋጀን፦ የትኛው ሥዕል፣ በየትኛው ፊልም፣ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት፣ ለማስተዋወቂያ ቅንጭብም ጭምር። (የመጨረሻዋን ብዙዎች ይረሷታል።) ገንዘብ አልጠየቀንም። ስሙ በፊልሙ መጨረሻ እንዲጻፍለት ፈለገ፤ ሌላው ቅሬታው የትርጉም ጽሑፋችን የመልአኩን እግር ስለሸፈነበት ነበር። ጽሑፉን ወደ ላይ አነሣንለትና ፈረመ።